ኢሲቲ ለነርሶች፦ ከፈቃድ እስከ ትውስታ ክትትል

የኤሌክትሮኮንቨልሲቭ ሕክምና፣ በሙያው ቋንቋ ኢሲቲ፣ በሰመመን ውስጥ ባለ ታካሚ ጭንቅላት ላይ ለጥቂት ሰከንዶች የተመጠነ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ቁጥጥር የሚደረግበት ሲዠር፣ ማለትም እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ፣ የሚያስነሣ ሕክምና ነው። በሰው ላይ መጀመሪያ የተሠራበት በ1938 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በኡጎ ቼርሌቲና በሉቺዮ ቢኒ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሰመመንም ሆነ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት አልነበረውም፤ ብዙ ቤተሰብ ዛሬም የሚፈራው ያንን የቀድሞውን መልክ ነው። ሕክምናውን የሚያዘው የአእምሮ ሐኪሙ፣ የአየር መተላለፊያውን የሚጠብቀው የሰመመን ባለሙያው ነው። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ታካሚው ነቅቶ የት እንዳለ እስኪናገር ድረስ ከአጠገቡ የማይለየው ግን ነርሱ ነው፤ ይህ መመሪያም የተጻፈው ከነርሱ ሥራ አንጻር ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማሳየት አንዲት ታካሚ እንይዛለን። የብዙ ታካሚዎች ቅንብር እንጂ አንድ የተወሰነ ሰው አይደለችም። ዕድሜዋ 52፣ ክብደቷ 48 ኪሎ ነው። ከባድ የድብርት ሕመም ላይ ሆድ ዕቃዋ እንደሞተና ምግብ እንደማያልፍበት ታምናለች፤ ምግብ ካቆመች ቆይታለች፣ አሁን ውሃም እየተወች ነው።

ለማን ይታዘዛል

ኢሲቲ በይበልጥ የሚታዘዘው ለከባድ ድብርት ነው፤ በተለይ ድብርቱ ከእውነታ የራቀ እምነት ወይም ድምፅ መስማት ሲጨመርበት፣ ታካሚው መብላትና መጠጣት ሲተው፣ ራሱን የማጥፋት አደጋው የመድኃኒትን ሳምንታት ለመጠበቅ ጊዜ በማይሰጥበት ጊዜ፣ እንዲሁም በበቂ መጠንና ጊዜ የተወሰዱ መድኃኒቶች ውጤት ካላመጡ። ሁለተኛው ዋና ምክንያት ካታቶኒያ ነው፤ ታካሚው ደርቆ፣ ዝም ብሎ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሲቀርና ሎራዜፓም ካልፈታው፣ በተለይም ትኩሳት ከተጨመረበት፣ ኢሲቲ ሕይወት አዳኝ ነው። ለመድኃኒት እምቢ ያለ ከባድ ማኒያና በክሎዛፒን ብቻ በቂ ለውጥ ያላሳየ ስኪዞፍሬኒያም ይታከሙበታል። ረብሻን ለማስቆም ወይም ታካሚን ሥርዓት ለማስያዝ ተብሎ የሚሰጥ ኢሲቲ ግን ሕክምና አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ በዋርድ ውስጥ ሲነሣ ዝም ማለት አይገባም።

ውሳኔው የሐኪሙ ቢሆንም የሚቆምበት መረጃ በአብዛኛው ከነርሱ መዝገብ የሚወጣ ነው። «አልበላችም» ብሎ መጻፍና «በ24 ሰዓት ውስጥ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠጣች፣ ሽንቷ ጠቁሯል፣ ክብደቷ ካለፈው ሳምንት በ2 ኪሎ ቀንሷል» ብሎ መጻፍ እኩል አይደሉም። የምሳሌ ታካሚያችን በመድኃኒት ከመቆየት ይልቅ በፍጥነት ወደ ኢሲቲ የተላለፈችው እንዲህ ባለው መዝገብ ነው።

ኢሲቲን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ሁኔታ የለም ይባላል፤ ነገር ግን የራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመር፣ በቅርብ የደረሰ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ወይም ስትሮክ፣ ያልተረጋጋ የደም ሥር እብጠትና ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባለው የአድሬናል ዕጢ እብጠት አደጋውን በእጅጉ ያሳድጋሉ። አዲስ የራስ ምታት፣ ጠዋት ጠዋት ማስታወክ ወይም የደረት ሕመም ካዩ ሳይዘገዩ ያሳውቁ።

ፈቃድ

ፈቃድ በአንድ ቀን የሚፈረም ወረቀት ሳይሆን በየሕክምናው የሚታደስ ስምምነት ነው። ታካሚው ማወቅ ያለበት በራሱ ቋንቋና በሚገባው መጠን ነው፦ ሕክምናው ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን ለእርሱ እንደታሰበ፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ፣ ባይታከም ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚደጋገም (ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ ከ6 እስከ 12)፣ እንዲሁም በማንኛውም ሰዓት «በቃኝ» ማለት እንደሚችልና ይህን በማለቱ ሌላው እንክብካቤ እንደማይቀርበት። በሕክምናው ምክንያት የመሞት አደጋ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ በ100,000 ሕክምናዎች ወደ 2 ሞት ያህል ይገመታል። ስለ ትውስታ ግን ማለሳለስ አይገባም። በ2003 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው ከታካሚዎች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ያህል የቆየ የትውስታ ማጣት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። «ትንሽ ይረሳሉ፣ ይመለሳል» ብቻ ብሎ ፈቃድ መቀበል ታካሚውን ማሳሳት ነው።

ነርሱ ከሁሉም በላይ ጆሮውን መስጠት ያለበት ለእሺታው ዓይነት ነው። የምሳሌ ታካሚያችን ሐኪሙ አብራርቶ ሲጨርስ «እሺ፣ ይገባኛል፤ ኃጢአቴ ብዙ ነው፤ በኮረንቲ አቃጥሉኝ» አለች። በወረቀት ላይ ይህ ስምምነት ይመስላል። በእውነቱ ሕክምናን ሳይሆን ቅጣትን ነው የተቀበለችው፤ ስለዚህ ለመወሰን አቅም እንዳላት የሚያሳይ አይደለም። ነርሷ ቃሏን እንደተናገረችው ጽፋ ለሐኪሙ አስተላለፈችና የአቅም ግምገማው እንደገና ተደረገ። የመወሰን አቅምን ለመፈተሽ አራት ነገሮች ይታያሉ፦ የተነገራትን ተረድታለች? ለጥቂት ጊዜ ይዛ ታቆየዋለች? በራሷ ሁኔታ ላይ አገናዝባ ትመዝነዋለች? ውሳኔዋንስ ትገልጻለች? «አሁን ምን እንደምናደርግልዎት በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ቅጽ ይበልጥ ያሳያል።

አቅም ያለው ታካሚ እምቢ ካለ እምቢታው ይከበራል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ቢስማማና ወንድሙ ሊፈርም ቢዘጋጅም እንኳ የቤተሰብ ፊርማ የእርሱን አይተካም። አገራችን ውስጥ ይህ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አስታማሚው ወጪውን የሚከፍል፣ ሌሊቱን መሬት ላይ የሚያድር፣ ውሳኔውንም የሚወስን ሰው ሆኖ ስለሚቀርብ ነው። አስታማሚውን አክብሮ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ታካሚውን ግን ለብቻው ሆኖ ማነጋገር አይቀርም። አቅም ለጊዜው የጠፋባቸውን ታካሚዎች በተመለከተ የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ያለ ታካሚው ፈቃድ የሚሰጥ ኢሲቲ እንዲከለከልና ያለ ሰመመንና ያለ ጡንቻ ማላሊያ የሚሰጠውም እንዲቆም ይጠይቃል። ስለዚህ ተቋምዎ የሚከተለውን አሠራር በጽሑፍ ይያዙ፤ ማን ወሰነ፣ በምን መሠረት፣ ሁለተኛ አስተያየት የሰጠው ማን ነው የሚለው በፋይሉ ውስጥ ይኑር። ሕክምናው አቅሟን ሲመልስላት ደግሞ ጥያቄው እንደገና ለራሷ ይቀርባል። ለምሳሌ ታካሚያችን ይህ የሆነው ከሦስተኛው ሕክምና በኋላ ነው፤ ቀሪዎቹን በራሷ ፈቃድ ቀጠለች።

ዋዜማውና ጠዋቱ

ታካሚው ከጠንካራ ምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ባዶ ሆድ መሆን አለበት። እዚህ ላይ «ምንም አልቀመሰችም» የሚለውን የአስታማሚ መልስ ተቀብሎ ማለፍ አይበቃም። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣ ፀበል በብዙ ሰው ዘንድ ከምግብና ከመጠጥ አይቆጠርም፤ በቅንነት የተሰጠ ስለሆነም ሳይጠየቅ አይነገርም። «ፀበል ቀምሰዋል? ስንት ሰዓት? ምን ያህል?» ብለው በስሙ ይጠይቁ። ጾመኛ ታካሚም «እየጾምኩ ነው» ሲል ከፍስክ ምግብ መታቀቡን ይሆናል የነገረዎት። ከወተት ጋር የተጠጣ ቡና ወይም አጥሚት እንደ ምግብ ይቆጠራል። ጥርጣሬ ካለ ለሰመመን ባለሙያው ይንገሩ፤ ሁለት ሰዓት መዘግየት የሆድ ዕቃ ወደ ሳንባ ከመግባቱ ይሻላል።

ከመድኃኒቶች የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይወሰዳሉ። ዳያዜፓምና ሎራዜፓምን የመሳሰሉትና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሲዠሩን ስለሚያደክሙ፣ ሊቲየም ደግሞ ከሕክምናው በኋላ የመወዛገብ ዕድልን ስለሚጨምር፣ ሌሊት ስለ እነርሱ ምን እንደታዘዘ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ የጠዋቱን ኢንሱሊን በተመለከተ ትእዛዝ ይጠይቁ፣ ስኳሩንም ይለኩ። ለረጅም ጊዜ የተኛና የማይነቃነቅ ካታቶኒክ ታካሚ ሲሆን የፖታሲየም ውጤቱ ሳይታይ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ጡንቻ የሚያላላው ሳክሳሜቶኒየም ፖታሲየምን ከፍ ስለሚያደርግ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ የልብ ምትን እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።

ጸጉር መታጠብና መድረቅ አለበት። ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ጸጉር ኤሌክትሮዱ ከቆዳው ጋር በደንብ እንዳይገናኝ ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት ማሽኑ የመቋቋም መጠኑ ከፍ ማለቱን ያሳያል፣ ቆዳም ሊቃጠል ይችላል። በተለይ በጆሮ ግንድ አካባቢ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ካለ ከዋዜማው ይፈታ። ብረት ያለበት ጌጥ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር ይወልቃሉ፤ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ በግልጽ ይመዝገብ። የክር ማተብን ማውለቅ አያስፈልግም። ጥፍር ቀለም ወይም ሂና ካለ የኦክስጂን መለኪያው በጆሮ ጫፍ ላይ ይደረግ። በመጨረሻም በቤተሰብ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ሰመመን ጊዜ «ሳይነቃ የዘገየ» ወይም በትኩሳት የተጎዳ ሰው እንዳለ ይጠይቁ፤ ሳክሳሜቶኒየምን ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ሰውነት በዘር ይተላለፋል።

በሕክምናው ክፍል

ከመጀመርዎ በፊት ሳክሽኑ እንደሚሠራ፣ ኦክስጂኑ እንደሞላ፣ አምቡ ባግና የአደጋ መድኃኒቶች ከእጅ እንደማይርቁ ይፈትሹ። ስሟን ጠይቀው አንባር ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፣ ፈቃዷን በአፍ ይጠይቁ።

ካኑላው ከገባና ኤሌክትሮዶቹ ከተለጠፉ በኋላ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ካፍ በቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል። ሰመመኑ ከተሰጠ በኋላ፣ ሳክሳሜቶኒየሙ ከመሰጠቱ በፊት፣ ካፉ ከላይኛው የደም ግፊት በላይ ይነፋል፤ በዚህ መንገድ መድኃኒቱ ወደዚያ እግር አይደርስምና ሌላው ሰውነት ሲላላ ያ እግር ሲዠሩን በዓይን ያሳያል። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢኢጂ በሌለበት ክፍል ይህ እግር ዋናው ምስክርዎ ነው። ኤሌክትሮዶቹ በቀኝ በኩል ብቻ ከተደረጉ ካፉ በዚያው በቀኝ እግር ላይ ይሁን፤ እዚያ መንቀጥቀጥ መታየቱ ሲዠሩ ወደ ሌላውም የአንጎል ክፍል መስፋፋቱን ያረጋግጣል።

ሰመመኑ አጭር ነው። ፕሮፖፎል በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም፣ ሳክሳሜቶኒየም ደግሞ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ለ48 ኪሎዋ ታካሚያችን 50 ሚሊግራም ፕሮፖፎልና 40 ሚሊግራም ሳክሳሜቶኒየም ተሰጥቷል። ፕሮፖፎል ሲዠሩን ያሳጥራል፣ ኬታሚን ይህን አያደርግም ግን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ምርጫው የሰመመን ባለሙያው ነው፤ ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ከተቀየረ ይመዝግቡ፣ የሲዠር ርዝመት ለውጥን የሚያብራራው ይህ ሊሆን ይችላልና። ጡንቻዎቹ ሲላሉ ጥቃቅን መንቀጥቀጦች ከፊት ወደ እግር ይወርዳሉ፤ በእግር ጣቶች ላይ ሲቆሙ ታካሚዋ ዝግጁ ናት።

የጥርስ መከላከያው ከኤሌክትሪኩ በፊት መግባቱን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይናገር። ጡንቻዋ ስለላላ አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ስሕተት ነው፤ ኤሌክትሪኩ የመንጋጋን ጡንቻ በቀጥታ ስለሚነካ፣ ሳክሳሜቶኒየም ተሰጥቶም ቢሆን፣ መንጋጋው በኃይል ይገጥማል። አገጯን ወደ ላይ ደግፈው ይያዙ፤ ምላስና ከንፈር በጥርስ መካከል አለመግባታቸውን ይመልከቱ።

ኤሌክትሪኩ እንዳበቃ ሰዓት ይጀምሩ። የልብ ምት በመጀመሪያ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ለጥቂት ሰከንዶች ይቆማል፤ ሲዠሩ ሲጀምር ደግሞ ምቱም ግፊቱም ከፍ ይላሉ። ሲዠር ካልተነሣ ይህ ሁለተኛው ምዕራፍ ስለማይመጣ የልብ ምቱ ዝቅ እንዳለ ሊቀጥል ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ተስማሚው የኤሌክትሪክ መጠን በሚፈለግበት የመጀመሪያ ቀን አትሮፒን ከአጠገብ አይራቅ። የእግር መንቀጥቀጥ ከ15 ሰከንድ በታች ካቆመ ይንገሩ። 2 ደቂቃ ካለፈ «ሁለት ደቂቃ» ብለው ጮክ ይበሉ፤ ሲዠሩ በመድኃኒት የሚቆመው በዚህ ጊዜ ነው። ሁሉም በታካሚው ላይ ሲያተኩር ሰዓቱ በቀላሉ ይረሳልና ይህ የእርስዎ ድርሻ ነው።

በማገገሚያው ክፍል

በጎን አስተኝተው፣ ኦክስጂን እየሰጡ፣ ግፊትና የኦክስጂን መጠን በየ5 ደቂቃው ይመዝግቡ። ዓይኗን የገለጠች ታካሚ ነቅታለች ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ተወዛግበው ይነሣሉ፣ ካኑላ ይነቅላሉ፣ ይፈራሉ። ብርሃኑን ቀንሰው፣ አንድ ሰው ብቻ በዝግታ እንዲናገር አድርገው፣ እጅ ከመያዝ ይልቅ የአልጋውን ጎን ከፍ አድርገው ይጠብቁ፤ ካልሰከነች በትንሽ መጠን የደም ሥር ሚዳዞላም ይታዘዝላታል። መወዛገቡ ካልቀነሰና ዓይኗ ባንድ አቅጣጫ ከተተከለ ወይም ከንፈሯ ሳታቋርጥ ከተንቀጠቀጠ በዓይን የማይታይ ሲዠር እየቀጠለ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይጥሩ።

ቀጣዩ ልኬት በእኔ አስተያየት ነርሱ ከሚሰበስባቸው መረጃዎች ሁሉ ዋጋው ትልቁ ነው። ከሲዠሩ ማብቂያ ጀምሮ በየ5 ደቂቃው አምስት ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የልደት ቀን፣ ያሉበት ቦታና የሳምንቱ ቀን። ከአምስቱ አራቱን የመለሰችበትን ደቂቃ ይጻፉ። ይህ የመመለሻ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ያለፈ ትውስታ የማጣት ዕድል ይጨምራል።

ጥያቄዎቹ ግን ለታካሚው መመቸት አለባቸው። የልደት ቀኗን ፈጽሞ የማታውቅ ሴት ሳትመልስ ብትቀር ተወዛግባለች አይባልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሕክምና አንድ ቀን በፊት ጠይቀው ምን እንደምታውቅ ይለዩ፤ የማታውቀውን በበኩር ልጇ ስም ይተኩ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠቀሙ። ታካሚያችን ቀኑን ስትጠየቅ «ሚካኤል ነው» ብላ መለሰች፤ ወሩም 12ኛው ቀን ላይ ነበርና ነርሷ ትክክል ብላ መዘገበች። የሚጠይቀው ሰው ይህን ካላወቀ ጤነኛ መልስ ስሕተት ተብሎ ይጻፋል።

የእርሷ መዝገብ እንዲህ ሄደ። ምግብ በመተዋ ፈጣን ውጤት ስለተፈለገ ኤሌክትሮዶቹ በሁለቱም ጆሮ ግንድ ላይ ሆነው በሳምንት ሦስት ጊዜ ተጀመረ። የመመለሻ ጊዜዋ በመጀመሪያው 20፣ በሁለተኛው 25፣ በሦስተኛው 35፣ በአራተኛው 50 ደቂቃ ሆነ። ከሦስተኛው በኋላ አንድ ኩባያ አጥሚት ጠጥታ ነበርና ሁሉም ተደስቷል፤ ነርሷ ግን አራቱን ቁጥሮች በአንድ መስመር ጽፋ ከአምስተኛው በፊት ለሐኪሙ አቀረበች። ኤሌክትሮዶቹ ወደ ቀኝ ጎን ብቻ ተዛወሩ፣ ሕክምናውም ወደ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተቀነሰ። በአምስተኛው 30፣ በስድስተኛው 20 ደቂቃ ሆነ፤ የመብላቱ መሻሻልም አልተቋረጠም። ቁጥሮቹ በየቀኑ በተለያየ ገጽ ላይ ቢበተኑ ኖሮ ማንም ባላየው ነበር።

ትውስታ

ታካሚውና ቤተሰቡ ግራ እንዳይጋቡ ሦስት ነገሮችን ለይተው ያስረዱ። የመጀመሪያው ከሕክምናው በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት የሚያልፈው መወዛገብ ነው። ሁለተኛው አዲስ ነገር ይዞ የማቆየት ችግር ነው፤ ትናንት የመጣ ዘመድ መምጣቱን ልትረሳ ትችላለች፤ ይህ በአብዛኛው ሕክምናው ካለቀ በኋላ በቀናትና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማም በፈተና የሚለካው ድክመት በይበልጥ ከመጨረሻው ሕክምና በኋላ ባሉት 3 ቀናት ውስጥ እንደሚታይ አሳይቷል። ሦስተኛው ግን ከሕክምናው በፊት በነበሩት ሳምንታትና ወራት የተፈጸሙ የራሷ የሕይወት ክስተቶች መጥፋት ነው፤ ከዚህ ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ ላይመለስ ይችላል። ሞካን የመሰሉ የወረቀት ፈተናዎች ይህን ሦስተኛውን አያዩትም፤ ሠላሳ ከሠላሳ ያገኘች ሴት የልጇን ሠርግ ጨርሶ ላታስታውስ ትችላለች።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሕክምና በፊት ከታካሚዋና ከአንድ የቅርብ ዘመድ ጋር ተቀምጠው ባለፈው ዓመት የሆኑ አምስት ወይም ስድስት ክስተቶችን ይጻፉ፦ ማን አገባ፣ የት ሄደች፣ ማን ሞተ። በየሦስት ወይም በየአራት ሕክምናው በጨዋታ መልክ ይመለሱባቸው። ታካሚያችን በስድስተኛው ሕክምና ላይ ሁለት ወር ያልሞላውን የእህቷን ልጅ ሠርግ አላስታወሰችም፤ ፎቶ ሲታያት «እኔ ነኝ፣ ግን አላስታውስም» አለች። ይህ ይመዘገባል፣ ለሐኪሙ ይነገራል፤ «ይመጣል፣ አትጨነቂ» ተብሎ አይታለፍም። ለአስታማሚው ደግሞ «ይቺን ታስታውሻለሽ? እሱንስ?» እያለ እንዳይፈትናት ይንገሩት፤ በዚህ ፋንታ የዕለቱን ነገር በደብተር ላይ ይጻፍላት። በቅርብ ጊዜ ዘመድ ከሞተ ይህን ለብቻው ይወያዩበት፤ መርዶውን ረስታ እንደ አዲስ ልትሰማው ትችላለችና ማን እንደሚነግራት አስቀድሞ ይወሰን።

ሲወጡ

በዕለቱ መኪና መንዳት፣ ለብቻ ሆኖ እሳት ላይ መሥራትና ውል መፈረም አይገባም፤ ሕክምናው እስኪያልቅና ለጥቂት ሳምንታትም ትላልቅ ውሳኔዎች ይቆዩ። ኢሲቲ ሕመሙን ያስወግዳል እንጂ እንዳይመለስ አያግደውም። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ በኢሲቲ ከዳኑ በኋላ የማስመሰያ ክኒን ብቻ ከወሰዱት 84 በመቶዎቹ በስድስት ወር ውስጥ እንደገና ታመዋል፤ ኖርትሪፕቲሊንና ሊቲየም አብረው ከወሰዱት ደግሞ 39 በመቶዎቹ። ስለዚህ ታካሚዋ ከዋርድ ስትወጣ ቀጣይ መድኃኒቷ የተያዘ፣ የመጀመሪያ ቀጠሮዋም በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚሆን ይሁን። ከመውጫ ወረቀቷ ጋር አንድ ገጽ ይያያዝ፦ ስንት ጊዜ ታከመች፣ ኤሌክትሮዶቹ የት ነበሩ፣ መቼ ተቀየሩ፣ የሰመመኑ መጠን ስንት ነበር፣ በየጊዜው ስንት ደቂቃ ፈጀባት፣ ያላስታወሰችው ምንድን ነው። ሕመሙ ከተመለሰ የሚቀጥለው ቡድን ከዚያ ገጽ ተነሥቶ በቀኝ ጎን ይጀምራል።